ከሥልሳ በላይ ሲቆጥሩ ብዕርሽን ያዢው

የአክስቴ ልጅ ትናንት ከአዲስ አበባ ደውላ «ፈረንሳይኛ ጀመርኩ፤ ቁጥሩን በሳምንት ጨረስኩት» አለችኝ። እስከ ስንት ስላት «እስከ ሥልሳ፤ ከዚያ በኋላ ያው ነው» አለች። ያው አይደለም እህቴ!

ሊዮን በገባሁ በአራተኛው ወር ስለ ጽዳት ሥራ አንድ ሰው ቁጥሩ በማይታይ ስልክ ደወለልኝ። «እስከ ማታ ለኃላፊዋ ደውይላት» ብሎ የእጅ ስልኳን ቁጥር ነገረኝ። ሲዘጋ ወረቀቱን ባየው 16 አሃዝ ጽፌአለሁ። የፈረንሳይ ስልክ 10 አሃዝ ነው። ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ፤ ያን ሌሊት ሳለቅስ አደርኩ።

የተፈጠረውን ላሳይሽ። ቁጥሩ 06 39 98 72 94 ነው እንበል። እነሱ ሁለት ሁለቱን አጣምረው ነው የሚጠሩት፦ ዜሮ ሲስ፣ ትራንት ነፍ፣ ካትር ቫን ዲዙዊት፣ ሷሳንት ዱዝ፣ ካትር ቫን ካቶርዝ። ሰባ የሚል ቃል የላቸውም፤ 72 ለእነሱ «ሥልሳ አሥራ ሁለት» ነው። ሰማንያ «አራት ሃያ» ነው፤ 94 ደግሞ «አራት ሃያ አሥራ አራት»። እኔ ካትር ቫን ስሰማ 80፣ ዲዙዊት ስሰማ 18፣ ሷሳንት ስሰማ 60፣ ዱዝ ስሰማ 12 እያልኩ ጻፍኩ። ወረቀቴ ላይ 06 39 80 18 60 12 80 14 ሆነ።

በሃያ መቁጠር የጥንት ልማዳቸው ነው። ፓሪስ ያለው የዓይን ሆስፒታል እስከ ዛሬ ካንዝ ቫን፣ «አሥራ አምስት ሃያ» ይባላል፤ መጀመሪያ ለ300 ዓይነ ስውራን የተሠራ ስለሆነ ነው። ብራሰልስ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ሰባን ሴፕታንት፣ ዘጠናን ኖናንት ይላሉ፤ ስቀናባቸው! እኛም ለእያንዳንዱ ስም አለን፤ እኮራበታለሁ። በሰዓታችን ግን እነሱም ይቸገራሉ፦ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው ስላት ፈረንሳዊት ጎረቤቴ ራሷን ይዛ ቀረች።

መፍትሔው ይኸውልሽ። ሷሳንት ወይም ካትር ቫን ስትሰሚ ምንም አትጻፊ፤ ቀጣዩን ቃል ጠብቂ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለ ቁጥር ከተከተለ፣ ወይም ዝም ካሉ፣ 6 ወይም 8 ብለሽ ጀምሪ። ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ያለው ከተከተለ ግን 7 ወይም 9 ነው። ስትጨርሺ ጥንዶቹን ቁጠሪ። ከአምስት ከበለጡ ተሳስተሻል፤ ሰውየው ሳይዘጋ «ሺፍር ፓር ሺፍር፣ ሲል ቩ ፕሌ» በይው፤ አንድ በአንድ ይነግርሻል።

ገበያ ላይ ደግሞ ዩሮ የሚለውን ቃል ይውጡታል። «ካትር ካትር ቫን ዲስ» ካሉሽ 4 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ነው። ካትር ሁለቴ መምጣቱን ልብ በይ፤ የፊተኛው ዩሮው ነው።

አሁን ወንድምሽ ከ60 እስከ 99 ያሉትን ቁጥሮች አደበላልቆ፣ አምስት አምስት ጥንድ እያደረገ ያንብብልሽ፤ አንቺ ጻፊ። ሷሳንት ትሬዝ ሲልሽ ሥልሳና አሥራ ሦስትን ሳትደምሪ እጅሽ 73 ብሎ ሲጽፍ፣ ያኔ ስለ ቪዛው እናወራለን።