የኤስተር ሜካኒዝምን ቀስት በቀስት ወደ ካርድ ስቀይር

የካርቦክሲሊክ አሲድን ምዕራፍ ወደ ጥናት ካርድ ስለውጥ የጀመርኩት አሴቲክ አሲድና ኤታኖል ኤቲል አሴቴት ከሚሰጡበት ሂደት ነው። መጽሐፉ ስድስቱንም ደረጃ ባንድ ገጽ ይሥላቸዋል፤ ሲያዩት የገባ ይመስላል፣ ባዶ ወረቀት ላይ መድገም ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ካርድ መደብኩ። ፊቱ ላይ በዚያ ደረጃ መነሻ ያለውን ውህድ እሥላለሁ፤ ጀርባው ላይ ቀስቱ ከየትኛው ኤሌክትሮን ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በቃላት እጽፋለሁ።

የሁለተኛው ካርድ ጀርባ እንዲህ ይላል፦ «ከኤታኖሉ ኦክስጅን ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮን ወደ ካርቦኒሉ ካርቦን፤ ከድርብ ቦንዱ ወደ ፕሮቶን የያዘው ኦክስጅን። ፖዘቲቭ ቻርጁ አሁን ኤታኖሉ ይዞት በመጣው ኦክስጅን ላይ ነው።» ሁለቱን ቀስቶች መለያየት አይቻልም። ሁለተኛው ከቀረ ካርቦኑ አምስት ቦንድ ይኖረዋል፤ ስለዚህ ቦንድ መቁጠር የካርዱ ማረጋገጫ ሆነ።

በመጀመሪያው ካርድ ላይ «ለምን» የሚል መስመር ጨምሬያለሁ። ፕሮቶኑ የሚያርፈው በካርቦኒሉ ኦክስጅን ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚፈጠረውን ቻርጅ ካርቦኑና ሁለቱም ኦክስጅኖች ይጋሩታል። በ OH ላይ ቢያርፍ ግን ይህ መጋራት አይኖርም።

ሦስተኛውና አራተኛው ካርድ የፕሮቶን ዝውውር ብቻ ስለሆኑ አጭር ናቸው። አምስተኛው ላይ ውሃ ይወጣል። OH⁻ ብሎ መጻፍ እዚህ ይቀናል፤ በአሲድ ውስጥ ግን OH⁻ም ሆነ CH₃CH₂O⁻ በየትኛውም ካርድ ላይ ከታየ ካርዱ ተሳስቷል። የወጣው ኦክስጅን የአሲዱ መሆኑን ሮበርትስና ዩሪ በ1938 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፦ በኦክስጅን-18 ምልክት የተደረገበትን ሜታኖል ከቤንዞይክ አሲድ ጋር ሲያዋህዱ ምልክቱ የተገኘው በኤስተሩ ውስጥ ነው። ይህን ራሱን የቻለ ካርድ ሰጠሁት። ስድስተኛው ፕሮቶን አውጥቶ አሲዱን ይመልሳል፤ ካታሊስት መሆኑም እዚያ ላይ ይታያል።

የሁኔታዎቹን ካርድ ከቀስቶቹ ለየሁት። ጥቂት የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድና ሙቀት ያስፈልጋል። የሚዛን ቋሚው ወደ 4 ስለሚጠጋ አሲዱና አልኮሉ በእኩል ሞል ቢገቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ኤስተር ይሆናል፤ ኤታኖል ማብዛት ወይም ውሃውን ማስወጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካርዱ «በአሲዱ ፈንታ NaOH ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ፦ አሲዱ ካርቦክሲሌት ይሆንና ኤስተር አይገኝም።

ኤስተር በአሲድ ውስጥ በውሃ ሲፈርስ ያለውን ሂደት ለማጥናት እነዚሁን ካርዶች ከስድስት ወደ አንድ እደረድራለሁ፤ ጀርባቸውን ግን አዲስ እጽፋለሁ። የቀስቱን ጫፍ መገልበጥ አይበቃም፤ በመልሱ ጉዞ ቀስቱ የሚነሣው ከሚሰበረው የካርቦንና የኦክስጅን ቦንድ ነው።