ሁለት ጊዜ የተደመረው 240,000 ብር

አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ተከራይቶ በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከኪራዩ በተጨማሪ በየሦስት ወሩ ሰርቪስ ቻርጅ እንከፍላለን። በውላችን መሠረት የሕንፃው የጋራ ወጪ ይደመርና እኛ በያዝነው ስፋት ልክ 5 በመቶው ይደርሰናል፤ በላዩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል።

አንድ ጊዜ የመጣው መግለጫ 44,850 ብር ክፈሉ ይላል። ሥራ አስኪያጃችን እንዳየው ዓይኑ ያረፈው ናፍጣው ላይ ነበር፤ ለጄኔሬተር 180,000 ብር። «ይህን ያህል መብራት መቼ ጠፋ? ጻፊላቸው!» አለኝ። ከመጻፌ በፊት መግለጫውን በካልኩሌተር ደመርኩት። ጥበቃ 144,000፣ ጽዳት 96,000፣ ናፍጣ 180,000፣ የአሳንሰር ጥገና 60,000፣ የጋራ መብራት 36,000፣ ውሃ 24,000። ድምሩ 540,000 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 780,000 ነው። ደግሜ ደመርኩት፤ ያው ነው።

ድምር አልገጥም ሲል መጀመሪያ የማየው ልዩነቱን ነው። ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። ከአንዱ መስመር ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ ያ መስመር ወይ ተዘሏል ወይ ተደግሟል። የእኛ ልዩነት 240,000 ነው፤ ለ9 አይካፈልም። ከጽዳት በታች ግን «ንዑስ ድምር 240,000» የሚል መስመር አለ። የፊተኛውን ሩብ ዓመት መግለጫ ከፋይል አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በእሱ ላይ ይህ መስመር የለም፤ ድምሩም ትክክል ነው።

ስህተቱን አገኘሁት ብዬ ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ችግሩ ሁለት ገጽ መጻፌ ነው። የናፍጣውን ቅሬታ አስቀደምኩ፤ የድምሩን ጉዳይ ከሥር አስከተልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። የነዳጅ ደረሰኞች ኮፒ ተያይዟል፤ «ወጪው በማስረጃ የተደገፈ ስለሆነ በወቅቱ እንድትከፍሉ» ይላል። ስለ ድምሩ አንዲት ቃል የለችም። ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው በአስተዳደሩ አልፈረድኩም። ሊያከራክር የሚችለውን ነገር ፊት ለፊት አስቀምጬላቸው እሱን መለሱ። የማያከራክረውን እኔው ራሴ ሁለተኛ ገጽ ላይ ቀብሬው ነበር።

የመክፈያው ቀን አራት ቀን ሲቀረው አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ብቻ። «ጉዳዩ፦ የሰርቪስ ቻርጅ መግለጫ ድምር እንዲታረም ስለመጠየቅ» አልኩ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦

«በመግለጫው የተዘረዘሩት ስድስት ወጪዎች ሲደመሩ ብር 540,000 ናቸው። ጠቅላላ ድምር ተብሎ የተጻፈው ግን ብር 780,000 ነው። የብር 240,000 ልዩነት የተፈጠረው የጥበቃና የጽዳት ንዑስ ድምር ከዝርዝሩ ጋር አብሮ በመደመሩ ነው። በመሆኑም የእኛ ድርሻ ብር 27,000፣ ታክሱ ብር 4,050፣ በድምሩ ብር 31,050 ይሆናል። ይህንኑ ዛሬ ገቢ አድርገናል፤ የባንክ ማስረጃው ተያይዟል። የብር 13,800 ልዩነት እንዲሰረዝልንና የታረመ መግለጫ እንዲላክልን እንጠይቃለን።»

ያልተከራከርንበትን በቀኑ መክፈላችን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ውላችን ለዘገየ ክፍያ ቅጣት አለው፤ ሁሉንም ይዘን ብንቀመጥ ትክክል ሆነንም ቅጣት ይቆጠርብን ነበር። ሁሉንም ብንከፍል ደግሞ ደረሰኙ በ44,850 ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ታክሱን ጨምሮ ማስተካከል ሌላ ጣጣ ነው።

ደብዳቤውን ራሴ ወስጄ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ ቀሪው ላይ ቀንና ፊርማ አስደረግኩበት። የሕንፃው አስተዳዳሪ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እዚያው ቆሜ እያለሁ አነበቡትና «ነይ እስቲ ልጄ፣ አብረን እንየው» ብለው የመግለጫውን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ከፈቱ። ጠቅላላ ድምሩን ሲነኩት ይህ ወጣ፦

```
=SUM(C4:C10)
```

C6 ንዑስ ድምሩ ነው። ጥበቃና ጽዳት በዚያ ሩብ ዓመት ለአንድ ተቋራጭ ስለተሰጡ፣ መግለጫውን የሚያዘጋጀው ልጅ የውሉን ድምር ለማሳየት በመሃል አንድ መስመር ጨምሯል። ቀመሩም ራሱን አስፍቶ አዲሱን መስመር ዋጠው። በሁለቱም ቦታ SUM(…) ሳይሆን SUBTOTAL(9,…) ቢገባ፣ የላይኛውን ንዑስ ድምር ራሱ ዘሎት ይደምር እንደነበር ነገርኳቸው። እዚያው ቀየርነው፤ 540,000 አለ።

እሳቸው ግን ዝም ብለው ስክሪኑን ያዩ ነበር። ቆይተው «ይሄኮ ለሁሉም ተከራይ ሄዷል» አሉ። በማግሥቱ የታረመው መግለጫ በየፎቁ ታደለ።

የናፍጣውን ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ደብዳቤ ጻፍኩት። የጠየቅኩት ደረሰኝ አይደለም፤ የጄኔሬተሩ ሰዓት ቆጣሪ በሩብ ዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ስንት ያነብ እንደነበር ነው።