ቀሪ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤን ወደ እንግሊዝኛ፣ መልሱን ወደ አማርኛ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የንግድ ደብዳቤ ትርጉም ለምትለማመዱ ጓደኞቼ፣ ሰሞኑን ስሠራበት የከረምኩትን ላካፍላችሁ። ስለ ሁሉም ዓይነት ደብዳቤ አላወራም። አንዱን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ቀሪ ክፍያ የሚጠይቀውን። ገንዘቡ መምጣት አለበት፣ ደንበኛውም መቀየም የለበትም። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ የቢሮ ዕቃ አምራች ለአንድ የውጭ ድርጅት ጠረጴዛና ወንበር አስረክቧል። 70 በመቶው ተከፍሏል፤ 30 በመቶው ቀርቷል። ገዢው ቢሮ የሚጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬያቸዋለሁ። ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጻፈው ረቂቅ ይኸው፦

«ጉዳዩ፦ ቀሪ ክፍያ እንዲፈጸም ስለመጠየቅ። ድርጅታችን ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ማስረከቡ ይታወቃል። ሆኖም ቀሪው ብር 486,000 እስካሁን ያልተከፈለን በመሆኑ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀናት ውስጥ ክፍያው እንዲፈጸምልን በጥብቅ እያሳሰብን፣ ስለምታደርጉልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን። ከሰላምታ ጋር።»

ድሮ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ስቀበል ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ ወደ ታች እወርድ ነበር። አሁን እንደዚያ አላደርግም። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ላይ ፍሬ ነገሩን ብቻ አወጣለሁ። ማን ነው የሚያደርገው? ምንድን ነው የሚደረገው? ስንት? እስከ መቼ? ካልሆነስ ምን ይከተላል? ትሕትናው፣ ሰላምታው፣ ምስጋናው እዚህ ወረቀት ላይ አይገባም። በሌላ መስመር ደግሞ የደብዳቤውን የድምፅ ደረጃ እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ ነው የማሻግራቸው። ምክንያቱም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ትሕትናው የሚቀመጥበት ቦታ አንድ አይደለም። በእኛ ግሡ ውስጥ ይገባል፤ «እንዲፈጸምልን»፣ «እንዲልኩልን»፣ «ስለምታደርጉልን» ስንል አክብሮቱ እዚያው አለ። የእንግሊዝኛው «ዩ» ግን አንተንም እርስዎንም እናንተንም በአንድ ይጠራል። ስለዚህ አክብሮቱ ወደ ረዳት ግሡ፣ ወደ አጠያየቁ፣ ወደ ዓረፍተ ነገሩ አከፋፈል መዛወር አለበት።

ለዚህ ደብዳቤ ወረቀቱን ስሞላ መጀመሪያ የያዘኝ «ማን» የሚለው ነው። «ክፍያው እንዲፈጸምልን» ሲባል ከፋዩ አልተጠራም። በአማርኛ ይህ ጨዋነት ነው፤ «ክፈሉን» ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር ያድናል። በእንግሊዝኛም ያለ ከፋይ ስም መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ገዢው ቢሮ ውስጥ ደብዳቤው ከግዢ ክፍል ወደ ሒሳብ ክፍል ሲሄድ «ይህ የማን ሥራ ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። እኔ ገዢውን በግልጽ እጠራለሁ፤ ጥያቄውን ግን በለሰለሰ አጠያየቅ አቀርበዋለሁ። መነሻ ቅርጹ «ዊ ዉድ አስክ ዩ ቱ» የሚለው ነው። ተጠሪው ታወቀ፣ ድምፁም አልከረረም።

ቀጥሎ «ይታወቃል» አለ። ይህ ቃል በደብዳቤያችን መግቢያ ላይ የተለመደ የአክብሮት ድልድይ ነው። እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ከሄደ ወይ ትርጉም አልባ ይሆናል፣ ወይ «ይህን እያወቃችሁ ነው» የሚል ክስ ይመስላል። እኔ አወጣዋለሁ። በምትኩ ርክክቡን እንደ ተራ ሐቅ በአጭር ዓረፍተ ነገር አስቀምጣለሁ። «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ግን በፍጹም አልጥልም። ገዢው በኋላ «የጎደለ ዕቃ ነበር» ካለ ክርክሩ የሚዞረው በዚያ ቃል ላይ ነው።

አሁን ቀኑ። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው፤ እናንተም ቆም ብላችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ውሉ የተፈረመው ኅዳር 10 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 19 ቀን 2024። ደብዳቤው የተጻፈው ጥር 19 ነው፤ ጃንዋሪ 27 ቀን 2025። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ወሩንም በስሙ እንጂ በቁጥር አልጽፍም። 05/06/2017 ብሎ መጻፍ ሁለት ችግር አንድ ላይ ይዞ ይመጣል፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም፣ አሜሪካዊ አንባቢ ደግሞ ወሩን ያስቀድማል። ለማስላት ደግሞ በቃል የያዝኩት የወሮቹን መነሻ ነው። በ2017 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ነበር። በ2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ነው የዋለው፤ ያ የአንድ ቀን ልዩነት የሚስተካከለው የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሁልጊዜ ይህን ያህል ቀንስ» በሚል ደንብ አልሠራም፤ ዓመቱን አያለሁ።

«በደረሳችሁ በ10 ቀናት ውስጥ» የሚለውስ? እዚህ ላይ ረቂቁ ራሱ ክፍት ነው። ደብዳቤው ጥር 20 ደረሰ እንበል። የደረሰበትን ቀን ሳንቆጥር ተከታታዩን ቀን ከቆጠርን የመጨረሻው ቀን ጥር 30 ነው፤ ፌብሩዋሪ 7። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን የሥራ ቀን ብቻ ከቆጠርን ግን የካቲት 4 ይሆናል፤ ፌብሩዋሪ 11። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቢሮ ደግሞ ሌላ ቀን ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን እኔ አልወስንም። ጸሐፊውን እጠይቃለሁ። የአምራቹ ሥራ አስኪያጅ «ተከታታይ ቀን ነው» ሲሉኝ በእንግሊዝኛው ላይ ያንኑ ግልጽ አድርጌ ጻፍኩ። አማርኛውም ላይ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተስማሙ። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ቀን ላይ ካልደረሱ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ «እስከ» ብትሉም ሥራ አለበት። «እስከ ጥር 30 ይከፈል» እና «ዋጋው እስከ ጥር 30 የጸና ነው» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ባይ»፣ ለሁለተኛው «አንቲል» ይላል። ሲቀያየሩ የክፍያው ትርጉም ይገለበጣል።

ወደ ድምፁ ልመለስ። የእኛ ደብዳቤ የራሱ መሰላል አለው። «በአክብሮት እንጠይቃለን» የመጀመሪያው ነው። «እናሳስባለን» አንድ ደረጃ ይወጣል። «በጥብቅ እናሳስባለን» ትዕግሥት ማለቁን ይነግራል። «እናስጠነቅቃለን» ጫፉ ነው። የዚህ ደብዳቤ ደረጃ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ «ካይንድሊ» በሚለው ቃል ብጀምር ደብዳቤውን ሁለት ደረጃ አወርደዋለሁ፤ ሒሳብ ክፍሉም ከታች ያስቀምጠዋል። «ዊ ዎርን ዩ» ብል ደግሞ ያላሉትን አስብላቸዋለሁ። ስለዚህ በመነሻው ቅርጽ ላይ «ዉድ» የነበረውን ቀይሬ፣ ለሦስተኛው ደረጃ «ዊ ማስት አስክ ዩ» የሚለውን ነው የያዝኩት። ጥያቄነቱ አለ፣ አማራጭ አለመኖሩም አለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ረቂቁ «ካልሆነስ» ለሚለው መልስ የለውም። ሕጋዊ እርምጃ አልተጠቀሰም። እንግሊዝኛው ጠንካራ እንዲመስል ብዬ አልጨምርም። በወረቀቴ ላይ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ በትርጉሙም ባዶ ነው።

ረጅሙን ዓረፍተ ነገርም ሰበርኩት። እኛ «በመሆኑ፣ እያሳሰብን፣ እናመሰግናለን» ብለን በአንድ እስትንፋስ ጥያቄውንና ምስጋናውን እናያይዛለን። በእንግሊዝኛ ለየብቻ ሆኑ፤ ርክክቡ አንድ፣ ዕዳው አንድ፣ ጥያቄውና ቀኑ አንድ፣ ምስጋናው አንድ። ምስጋናውንም አሳጠርኩት። ጥብቅ ጥያቄ ተጠይቆ ረጅም የቅድሚያ ምስጋና ሲከተለው እንግሊዝኛ አንባቢ ገና ያልሰጠውን ፈቃድ የወሰዱበት ይመስለዋል።

መልሱ ሲመጣ ሥራው ተገለበጠ። ከገዢው የመጣው ደብዳቤ ሁለት ዋና ነገር ይላል። አንደኛው፣ የርክክብ ማረጋገጫው ቅጂ ቢላክላቸው ደስ እንደሚላቸው። ሁለተኛው፣ ማረጋገጫው በንብረት ክፍላቸው ተቀባይነት ካገኘ፣ ክፍያውን በጥር መጨረሻ ለመፈጸም እንደሚጥሩ።

«ዊ ዉድ አፕሪሺዬት ኢት ኢፍ» የሚለውን «ብትልኩልን ደስ ይለናል» ብዬ ብተረጉመው አማርኛ አንባቢ «ባንልክስ?» ይላል። በእንግሊዝኛው ቢሮ ግን ይህ ግልጽ ጥያቄ ነው፤ ካልተላከ ክፍያ የለም። ስለዚህ «እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን» አልኩ። ትሕትናው አልጠፋም፣ ግዴታውም ታየ። «እባካችሁ» የሚለውን ሆን ብዬ ተውኩት፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ወደ ልመና ያደላል።

ከባዱ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ያለው «ሰብጀክት ቱ» ነበር። እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ «ተቀባይነት ካገኘ በኋላ» ነው። «በኋላ» ግን ጊዜ ነው የሚናገረው፤ ነገሩ እንደሚሆን ታምኖ ተራ እየተጠበቀ ይመስላል። የገዢው ቃል ቅድመ ሁኔታ ነው። «ተቀባይነት ካገኘ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። «እንጥራለን» የሚለውንም «ጥረት እናደርጋለን» ብዬ ተውኩት። ሥራ አስኪያጁ «እንከፍላለን» የሚል እንዲያነቡ ቢፈልጉም ደብዳቤው እንዲህ አላለም። ይህን ሲያዩ ማረጋገጫውን በዚያው ቀን አስላኩ፤ የተቆረጠ ቀንም በጽሑፍ ጠየቁ። በለሰለሰ ትርጉም ቢደርሳቸው ኖሮ ዝም ብለው የወሩን መጨረሻ ይጠብቁ ነበር። «የጥር መጨረሻ» የተባለውም የእኛ ጥር አልነበረም፤ ጃንዋሪ 31 ነው፣ ማለትም ጥር 23። ይህንን በግልጽ ጻፍኩላቸው።

የአጠራር ጉዳይም አለ፤ አጭር ነው። የእኛ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጻፍለት «ሚስተር» የሚለው የሚቀድመው በራሱ ስም ነው እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። ገዢዎቹ የሥራ አስኪያጁን አባት ስም ይዘው ሲጽፉ፣ አማርኛው ላይ ወደ «አቶ» እና ወደ ራሳቸው ስም መለስኩት።

መፈተኛዬ አሁን ይህ ነው። ዋናውን ያላየ ባልደረባ ትርጉሙን ብቻ አንብቦ ያንን የፍሬ ነገር ወረቀት ይሞላልኛል። ከእኔ ወረቀት ጋር እናስተያያለን። ቁጥርና ቀን ብዙም አይለያይም። የሚለያየው «ማን» እና «ካልሆነስ» ላይ ነው። ሲለያይ መጀመሪያ ዋናውን እመለከታለሁ፤ ክፍተቱ ከዚያ ከመጣ ጸሐፊውን እጠይቃለሁ። ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ግን አለ። «በቅርቡ» ብሎ የጻፈ ሰው ቀን መናገር ስላልፈለገ ሊሆን ይችላል። ያንን በትርጉም ቀን አልሰጠውም፤ በእንግሊዝኛም «ሾርትሊ» ሆኖ ይቀራል።

ገና ያልፈታሁት «ግልባጭ» ነው። ከደብዳቤው ግርጌ ለበላይ አካል ግልባጭ ሲደረግ በእኛ ቢሮ ትልቅ መልእክት አለው፤ ጉዳዩ ከሁለታችን ወጥቷል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ኢሜይል ላይ «ሲሲ» ብዙ ጊዜ ለማሳወቅ ያህል ብቻ ይነበባል። ያንን ክብደት በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል ሳልጨምር የማሻገርበት መንገድ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለጊዜው የማደርገው ጸሐፊውን «ግልባጩ ለምን ተደረገ?» ብሎ መጠየቅና፣ እሳቸው ከፈቀዱ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ውስጥ ማስገባት ነው።