ተረኛ ሆኜ የቀረሁበት ሠርግ

ባለፈው ጥር የልጅነት ጓደኛዬ ሐረር ላይ ስትዳር፣ እኔ ድሬዳዋ በምሠራበት ሆስፒታል ያንኑ እሑድ ተረኛ ነበርኩ። የሚቀይረኝ ሰው ብፈልግም አንዷ ባልደረባዬ በወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ሌላዋ ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት አድራ የምትወጣ በመሆኗ አልተሳካም። ምክንያቴ እውነት ነበር፤ ነገር ግን «ሥራ ይዞኝ ነው» የሚለውን መቅረት የፈለገ ሰው ሁሉ ስለሚለው፣ እውነቱ ራሱ ሰበብ መሰለብኝ።

በቴሌግራም ልልክላት መጀመሪያ የጻፍኩት መልእክት ረጅም ነበር። ተረኝነቴን፣ የእናቴን ደም ግፊት፣ በዚያም ላይ የመንገዱን አስቸጋሪነት ደርድሬ በመጨረሻው «ለማንኛውም እሞክራለሁ» የሚል ጨመርኩበት። ለታላቅ እህቴ ሳነብላት «የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ለመግባት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገዱን ስታነብ ተረኝነትሽንም አታምንልሽም» አለችኝ። ደካማው ምክንያት ጠንካራውን ይዞት እንደሚወድቅ ያየሁት ያኔ ነው። «እሞክራለሁ»ም ቢሆን ደግነት አልነበረም፤ ወንበርና ምግብ በሰው ቁጥር ለሚያዘጋጅ ቤተሰብ ሥራ መጨመር ነው።

ስለዚህ ካርዱ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን አስቀድሜ ደወልኩላት፤ ቀጥሎም ይህን ጻፍኩላት፦ «እሑድ ተረኛ ስለሆንኩና የሚቀይረኝ ስላጣሁ ሠርግሽ ላይ አልገኝም፤ በጣም አዝኛለሁ። ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ማክሰኞም ለመልሱ እመጣለሁ።» መቅረቴን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አደረግኩት፤ ምክንያቱን አንድ ብቻ፣ ይቅርታውንም አንድ ጊዜ ብቻ። የምመጣባቸውን ቀኖች በስማቸው መጥራቴ ከሁሉም በላይ ረዳኝ፤ «ሌላ ጊዜ እክሳለሁ» ብል ኖሮ ያ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሆነ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እሷም «እንግዲያው ሐሙስ ቢላሽን ይዘሽ ነይ፤ የእኛ ቤቱ አይቆርጥም» ብላ መለሰችልኝ።

የተሳሳትኩት በእናቷ በኩል ነው። ካርዱ የታተመው በወላጆቿ ስም ስለነበረ ጠሪዎቼ እነሱ ናቸው፤ እኔ ግን ለልጃቸው ከነገርኩ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ቤታቸው ስደርስ እናቷ ሰላምታዬን ቀዝቀዝ አድርገው ተቀበሉኝና «መቅረትሽን ከልጄ ነው የሰማሁት» አሉኝ። በዚያ ሰዓት የተረኛ ዝርዝር ማስረዳት ነገሩን ያባብሰው ነበርና «አጥፍቻለሁ፣ ለእርስዎ አስቀድሜ መደወል ነበረብኝ» ብዬ ዝም አልኩ። ስጦታዬንም ያኔውኑ ሰጠኋቸው፤ ከሠርጉ በኋላ ቢመጣ የመቅረት ካሳ ይመስል ነበር። ከዚያ ሽንኩርቱን ስልጥ አመሸሁ፤ በመሃል እናቷ ራሳቸው ቡና ይዘውልኝ መጡና «ማክሰኞ ግን ብትቀሪ አልሰማሽም» አሉኝ።