የደመራው ጭስ ስልኩን ሲያንቀው፦ ከ17 ስክሪን ወደ 2

የመስቀል ጨዋታዬን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ልጆች ችቦ ይዘው ደመራውን ይዞራሉ፣ መጨረሻ ላይ ይለኮሳል። ኮምፒውተሬ ላይ እሳቱም ጭሱም አንጀት የሚያርስ ነበር። ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ ስጭነው ግን ደመራው እስኪለኮስ ድረስ በሴኮንድ 60 ፍሬም ይዞ የመጣው ጨዋታ፣ እሳቱ እንደተያያዘ ወደ 24 ዝቅ አለ። ጣቴን ሳንሸራትት ካሜራው ዘግይቶ ነው የሚከተለኝ። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ይሄ ነገር ነው፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነበር። ፓርቲክል፣ ማለትም እሳቱንና ጭሱን የሚሠሩት ትንንሽ ሥዕሎች፣ በዛ ብዬ አሰብኩና ብልጭታዎቹን ቀነስኩ። 300 የነበሩትን 150 አደረግኳቸው። ፍሬሙ ንቅንቅ አላለም፣ እዚያው 24 ላይ ቀረ። እሳቱ ግን ሞተ። ደመራ ሲነድ ሽቅብ የሚበተነው ብልጭታ ነው ዓይን የሚይዘው፣ እሱን ስነካበት ሁሉም ነገር ቀዘቀዘ። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ችግሩ የት እንዳለ ሳላውቅ መቁረጥ እንደጀመርኩ የገባኝ።

ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጨዋታው የሚሣልበትን የፒክሰል ብዛት ብቻ ቀንሱ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ጨዋታውን በሠራሁበት ዩኒቲ ላይ ዩአርፒ የሚባለውን የመሣያ ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል፦

```csharp
var urp = (UniversalRenderPipelineAsset)GraphicsSettings.currentRenderPipeline;
urp.renderScale = 0.5f;
```

ስፋቱም ቁመቱም በግማሽ ስለሚቀንስ ፒክሰሉ ሩብ ይሆናል። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ለፈተናው ግን ችግር የለውም። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ ጣጣው ሲፒዩ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ነው። ዘሎ ከወጣ ግን ጂፒዩው ፒክሰል መቀባት አቅቶት ነው። የእኔ ከ24 ወደ 50 ዘለለ። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ከፈተናው በፊት ግን `Application.targetFrameRate = 60` ማለታችሁን አረጋግጡ፤ ስልክ ላይ ዩኒቲ ካልነገራችሁት 30 ላይ ይገድበዋል፣ ያኔ ፈተናው ይዋሻችኋል።

ለምን ፒክሰል እንደሚያንቀው ላስረዳ። ግድግዳና መሬት የመሳሰለው ድፍን ነገር ሲሣል ከኋላው ያለውን መቀባት አያስፈልግም፣ ጂፒዩው ይዘለዋል። ጭስ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ አንዱ የጭስ ጉብ በሌላው ላይ ሲደረብ ስልኩ እያንዳንዱን ድርብ ከኋላ ወደ ፊት እየቀባ ይደምራል። አንድ ፒክሰል 30 ጊዜ ሊቀባ ይችላል። ኦቨርድሮው የሚባለው ይሄ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ፈጽሞ የማይታየው የቴክስቸሩ ባዶ ጥግ እንኳን እኩል መሠራቱ ነው። የድፍንነቱ መጠን፣ ማለትም አልፋው፣ ዜሮ ቢሆንም የፒክሰሉን ቀለም የሚያሰላው ሼደር ሮጦ ነው ዜሮ መሆኑን የሚያውቀው።

ወረቀት አወጣሁና ሒሳቡን ሠራሁ። የስልኩ ስክሪን 720 በ1600 ነው፣ ማለትም 1,152,000 ፒክሰል። ጭሴ በሴኮንድ 40 ጉብ ያወጣል፣ እያንዳንዱ 5 ሴኮንድ ይኖራል፣ ስለዚህ በማንኛውም ቅጽበት 200 ጉቦች አየር ላይ አሉ። ሲወለዱ 150 ፒክሰል ስፋት አላቸው፣ ሲሞቱ 450። በአማካይ አንዱ ወደ 97 ሺ ፒክሰል ይሸፍናል። በ200 ስታባዙት 19 ሚሊዮን ተኩል ይመጣል። ይሄ ማለት በየፍሬሙ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ 17 ጊዜ መቀባት ነው፣ ለጭስ ብቻ! ብልጭታዎቹስ? 300 ቢሆኑም እያንዳንዳቸው 8 በ8 ናቸው። ድምሩ 19,200 ፒክሰል፣ የአንድ ስክሪን 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። እኔ ደግሞ እነሱን ነበር ስቆርጥ የከረምኩት።

በዓይን ማየት ለምትፈልጉ ዩኒቲ 6 ላይ `Window > Analysis > Rendering Debugger` ግቡና `Overdraw Mode` የሚለውን `Transparent` አድርጉት። የእኔ ጭስ የነበረበት ቦታ ቦግ ብሎ በራ፣ ብልጭታዎቹ ያሉበት ግን እምብዛም አይታይም።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ጭሱን በደንብ ስመለከተው ጉቡ ሲያረጅ ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል፦ ይሰፋል፣ ይሳሳል። ማለትም በጣም ውድ የሚሆንበት ሰዓትና ጨርሶ የማይታይበት ሰዓት አንድ ናቸው። ሒሳቡን ሴኮንድ በሴኮንድ ብትከፋፍሉት፣ ከ5ቱ የመጨረሻዎቹ 2 ሴኮንዶች ብቻቸውን ከጠቅላላው ፒክሰል ከ60 በመቶ በላይ ይበላሉ። በዚያ ሰዓት ግን አልፋው ወደ ዜሮ እየወረደ ነው፣ ሰማዩ ላይ ጭስ መኖሩን ማንም አይለይም። ስለዚህ `Start Lifetime`ን ከ5 ወደ 3 አወረድኩት፣ `Color over Lifetime` ላይ ያለው የመሳሳት መስመር ከዕድሜው ጋር ራሱ ስለሚያጥር በ3 ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል፤ ስፋቱም አብሮ እንዳይፈጥን `Size over Lifetime` በ450 ፈንታ 330 ፒክሰል ላይ እንዲያልቅ አስተካከልኩ። በዚህች ብቻ 17ቱ ስክሪን ወደ 6 ገደማ ወረደ። ታናሽ እህቴን ጠራሁና አሮጌውንና አዲሱን በቪዲዮ ጎን ለጎን አሳየኋት። «የቱ ነው የተቀነሰው?» ስላት አሮጌውን ጠቆመች።

ቀጥሎ ብዛቱ ነበር። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። በሴኮንድ 40 የነበረውን 10 ሳደርገው ጭሱ ሳሳና ከደመራ ጭስነት ወደ ሻይ እንፋሎትነት ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጥቁረቱ የመጣው ከድርቡ ብዛት ነበር። ድርቡን ስትቀንሱ የእያንዳንዱን አልፋ ማሳደግ አለባችሁ፣ በግምት ሳይሆን በዚህ፦

```
ድምር = 1 - (1 - a)^n
```

`a` የአንዱ ጉብ አልፋ፣ `n` የተደራረበው ብዛት ነው። የእኔ መሐሉ ላይ በአማካይ 30 ድርብ በ0.03 አልፋ ነበር፣ ይሄ ወደ 60 በመቶ ድፍንነት ይሰጣል። አሁን የሚደራረቡት 4 ናቸው። በ0.2 አልፋ ስታሰሉት 59 በመቶ ይመጣል። ዓይን የማይለየው ልዩነት ነው። የጉቦቹንም ስፋት ትንሽ ነካካሁት፣ ከ180 ተነስተው 340 ላይ ያልቃሉ። አየር ላይ ያሉት ከ200 ወደ 30 ወረዱ፣ የሚቀባው ከ17 ስክሪን ወደ 2 ገደማ።

ነገር ግን ዕዳ አለው። እህቴ እንደገና አየችና «ወንድሜ፣ ጭሱ ዝም ብሎ ብቅ ብቅ ይላል፣ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አልፋው 0.03 ሲሆን አንድ ጉብ ቢወለድ ቢሞት ማንም አያየውም፣ በ0.2 ግን እያንዳንዱ በግልጽ ይታያል። ብቅ ማለቱን ያጠፋሁት ከዕድሜው የመጀመሪያውን 15 በመቶ አልፋው ከዜሮ ቀስ ብሎ እንዲወጣ በማድረግ ነው። መመሳሰሉን ደግሞ በቴክስቸር ፈታሁት። ከአንድ ለስላሳ ክብ ይልቅ አንድ ምስል ላይ 16 የተለያዩ የጭስ ጉቦች ሣልኩ፣ 4 በ4 አድርጌ። ከዚያ `Texture Sheet Animation` ላይ መነሻው ፍሬም በዘፈቀደ እንዲመረጥ አደረግኩ፣ ጉቦቹም በተለያየ አቅጣጫ በዝግታ ይዞራሉ። ድርብ ሲያንስ ሥዕሉ የበለጠ መሥራት አለበት። በፊት ቅርጹን የሚሰጠው መደራረቡ ነበር፣ አሁን ቴክስቸሩ ነው። ይሄን ቀን ሙሉ ነው የሣልኩት፣ ከሁሉም የበለጠ ያማረውም በሱ ነው።

ሶፍት ፓርቲክል የሚባለውንም አጠፋሁት። ጭሱ መሬት ሲነካ ስለታም መስመር እንዳይወጣ የሚያለሰልስ ነው፣ ግን ለያንዳንዱ ፒክሰል የጥልቀት ቴክስቸር ማንበብ ይጠይቃል፣ ስልኩም ያንን ቴክስቸር አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ሳጠፋው መስመሩ ወዲያው ወጣ። መፍትሔው ጭሱ የሚወለድበትን ቦታ ከፍ አድርጎ እንጨቶቹ መሐል መደበቅ ሆነ። መሬቱን ካልነካ መስመርም የለም። ሌላ የሚጠቀምበት ነገር ከሌላችሁ ዩአርፒ አሴቱ ላይ `Depth Texture` የሚለውንም አጥፉ፣ አለበለዚያ ጥቅሙን ሙሉ አታገኙትም።

ባዶ ጥጎቹን ለመቁረጥ ደግሞ ከካሬ ይልቅ ስምንት ጎን ያለው ሜሽ ተጠቀምኩ። ካሬ ውስጥ የገባ ስምንት ጎን 83 በመቶውን ይሸፍናል፣ ስለዚህ 17 በመቶ በነፃ ትቆጥባላችሁ። `Render Mode`ን `Mesh`፣ `Render Alignment`ን `View` ማድረግ ነው። ቴክስቸሩ ግን ጥጎቹ ላይ እውነት ባዶ መሆን አለበት፣ የእኔ ሁለቱ ጉቦች ተቆርጠው ስለታዩ እንደገና ሣልኳቸው።

ይሄን ስታደርጉ ግን አንድ ነገር ታጣላችሁ። `Max Particle Size` የሚሠራው ለቢልቦርድ፣ ማለትም ሁልጊዜ ወደ ካሜራው ለሚዞረው ተራ ካሬ፣ ብቻ ነው። ያ ቁጥር አንድ ፓርቲክል ከስክሪኑ ስንት እጁን መሸፈን እንደሚችል ይገድባል፣ ሳትነኩት 0.5 ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ካሜራዬ ወደ ደመራው ሲጠጋ ነው። ከላይ ያሰላሁት ሁሉ ካሜራው በርቀት ሳለ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የእያንዳንዱ ጉብ ፒክሰል አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬሙ እንደገና ወደ 40 ወረደ። እኔ ካሜራው ከተወሰነ ርቀት በላይ እንዳይጠጋ ከለከልኩት፣ ልጆቹ ከእሳቱ ራቅ ብለው መዞራቸውም ተገቢ ነው። ካሜራችሁ መጠጋት ካለበት ግን ስምንት ጎኑን ትታችሁ ቢልቦርድ ላይ ቆዩና ቁጥሩን ወደ 0.3 አውርዱ።

የመጨረሻው ነገር ሙቀት ነው። ስልኩን አስነስታችሁ በመጀመሪያው ደቂቃ የምታዩትን ቁጥር አትመኑ። ስልክ ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ደመራው እየነደደ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ የምመዘግበው የመጨረሻውን ደቂቃ ነው። አሮጌው ስሪት ከ24 ወደ 19 ይወርድ ነበር። አዲሱ 10 ደቂቃ ሙሉ ከ60 አልወረደም፣ ስልኩም ኪሴ ውስጥ አያቃጥልም።

ብልጭታዎቹን ወደ 300 መለስኳቸው። ከዚያ አየሁና 400 አደረግኳቸው።