የሌላ ሰው ልጅ ውጤት

ስልኩ የጮኸው ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት የሚያዩበት የትምህርት ቤታችን ፖርታል በተከፈተ በአራተኛው ደቂቃ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አነሳችው። ትንሽ ካዳመጠች በኋላ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። «አንዲት እናት ናቸው። ልጄ ወንድ ነው፣ የሚታየኝ ግን የሴት ልጅ ውጤት ነው ይላሉ።»

እናትየው የይለፍ ቃል ተሳስተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱን ወደ ተጠቃሚው መግፋት የሙያችን ክፉ ልማድ ነው። ሁለተኛው ስልክ መጣ፣ ሦስተኛውም ተከተለ። እሷ ዝም ብላ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። አራተኛው ላይ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። የደወሉት ወላጆች አራት፣ የልጆቻቸው ክፍል አራት ዓይነት፣ የሚታያቸው ተማሪ ግን አንድ ናት። የስምንተኛ ክፍል ልጅ።

ያ ወረቀት ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። የዳታቤዝ መዘበራረቅ ቢሆን እያንዳንዱ ወላጅ የተለያየ ልጅ ውጤት ማየት ነበረበት። ሁሉም አንድ ልጅ ካዩ ግን አንድ ገጽ ተቀድቶ ለሁሉም እየታደለ ነው ማለት ነው። ፖርታሉ ውስጥ ሳልገባ፣ ያለ ምንም ይለፍ ቃል፣ ከላፕቶፔ ጠየቅኩት።

```
$ curl -I https://example.com/results
HTTP/2 200
cache-control: public, max-age=600
x-cache: HIT
age: 437
```

ላብ አጠመቀኝ። ያልገባ ሰው ወደ መግቢያው ገጽ መመለስ ነበረበት፤ እኔ ግን 200 ተሰጠኝ፣ ማለትም «ይኸው ገጹ»። `HIT` የሚለው መልሱ ከሰርቨራችን ሳይሆን ከፊቱ ካለው ካሽ እንደመጣ ይናገራል። (ካሽ ስል ገንዘቡን አይደለም፣ የተቀዳ ገጽ የሚቀመጥበትን ማለቴ ነው።) `age` ደግሞ ቅጂው ከተቀመጠ 437 ሰከንድ እንደሆነው ይነግረናል። በቀላል አነጋገር፣ መጀመሪያ የገባው ወላጅ ያየው ገጽ ተቀድቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ያው ቅጂ ተሰጠ።

ያንን ካሽ ያበራሁት እኔው ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ውጤት በወጣ ቀን ወላጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገባ ሰርቨሩ ወድቆ ነበር። እንዳይደገም ብዬ ገጾቹን በሙሉ ለ10 ደቂቃ እንዲያስቀምጥ አዘዝኩት። ግቢ ውስጥ ሆነው ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች ምን እንደሚሉኝ ስላየሁ ነው።

ስህተቱ ግን ከዚያ ቀን በፊት፣ ዕቅዱ ላይ ነው የተሠራው። ነጭ ሰሌዳ ላይ አራት ሳጥን ሥለን ነበር፦ ቅበላ፣ ማስታወቂያ፣ ውጤት፣ ወላጅ ማግኛ። አራቱንም እንደ አንድ ዓይነት ነገር፣ እንደ ሜኑ ዝርዝር ነው ያየናቸው። የቅበላ መስፈርትና ማስታወቂያ ማንም ቢከፍታቸው አንድ ናቸው፣ ስለዚህ አንዴ ቀድቶ ለሺህ ሰው ማደል ይቻላል። የውጤት ገጽ ግን አድራሻው ለሁሉም አንድ ይሁን እንጂ ይዘቱ እንደገባው ሰው ይለያያል። «ይህ ገጽ ለማን ለማን አንድ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«አልሞከርከውም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ችግሩ የሞከርኩት ድረ ገጻችን በተሠራበት በዎርድፕረስ አድሚን ሆኜ በገባሁበት ብሮውዘር ነው። ካሹ `wordpress_logged_in_` ብሎ የሚጀምር ኩኪ፣ ማለትም ሰውየው መግባቱን ብሮውዘሩ የሚያሳይበት ምልክት፣ ካየ ዞር ይላል፣ ቅጂ አይሰጥም። ወላጆች የሚገቡት ግን ለብቻው በተሠራው ፖርታል ነው። የፖርታሉ ኩኪ ደግሞ `PHPSESSID` ነው፤ ካሹ ይህን ስም አያውቀውም። ለእሱ ወላጅ ሁሉ ያልገባ መንገደኛ ነበር። እኔ በአጥሩ ውስጥ ሆኜ በሩን ፈተሽኩ።

መጀመሪያ ፖርታሉን ዘጋሁት። ቀጥዬ የውጤቱን ቅጂ አጠፋሁ። ከዚያ ለፖርታሉ ገጾች በሙሉ ካሹ እንዲያልፋቸው ደንብ አወጣሁ፣ ሰርቨሩም ከገጹ ጋር የሚሄድ ይህን ትእዛዝ፣ ሄደር የሚባለውን፣ እንዲልክ አደረግኩ።

```
Cache-Control: private, no-store
```

`private` ብቻውን የጋራውን ካሽ ይከለክላል፣ የሰውየው ብሮውዘር ግን ሊያስቀምጥ ይችላል። `no-store` ደግሞ ብሮውዘሩንም «አታስቀምጥ» ይለዋል። ኢንተርኔት ቤት ወይም ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለሚያይ ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በችኮላ የረሳሁት የፊተኛውን ገጽ ነው። «ውጤት ወጥቷል» የሚለው ማስታወቂያ እሱም ካሽ ውስጥ ነበር። እኛ «ፖርታሉ ተዘግቷል» ብለን ለጥፈን፣ ወላጆች አሮጌውን እያነበቡ የተዘጋ በር ያንኳኳሉ። እሱንም አጠፋሁ።

ርዕሰ መምህሯ «ለጥገና ተዘግቷል ብለህ ጻፍ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «የሆነውን ጻፍ» አሉኝ። «የልጅቷ ስም ብቻ እንዳይወጣ።» ከዚያ «ስንት ሰው አየው?» ብለው ጠየቁኝ። የሰርቨራችንን መዝገብ ከፈትኩ። በዚያ ሰዓት ለውጤቱ ገጽ የተመዘገበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከካሹ ስለተመለሰ እኛ ጋ አልደረሰም። ቁጥሩን ያገኘነው ከካሹ አቅራቢ ገጽ ላይ ነው፦ 41 ጊዜ። ማን ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ለልጅቷ ቤተሰብ ቀድመን መደወል ነበረብን። ፋይሏ ላይ ያለው ስልክ ሲነሳ ግን ሰውየው ግራ ገባው። አጎቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሊያስመዘግባት የመጣው እሱ ስለነበር፣ ፎርሙ ላይ «ስልክ» በሚለው አንድ ክፍት ቦታ የራሱን ጻፈ። እናቷን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀ። ደግነቱ መዝገብ ቤቷ ለአጎትየው ምንም ሳትነግር የእናትየውን ቁጥር ብቻ ጠየቀች። ፎርሙን በዚያው ሳምንት ቀየርነው። ልጁን ያስመዘገበው፣ ውጤትና ስለ ልጁ የሚነገር ነገር የሚደርሰው፣ ድንገተኛ ሲሆን የሚደወልለት፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ አለው። ሁሉም ቁጥር በየዓመቱ ምዝገባ ሲታደስ ይጠየቃል።

ፖርታሉን የከፈትነው በማግስቱ ነው። ካሽ ስለሌለው ጭነቱን በሌላ መንገድ ቀነስነው። በአንድ ጊዜ ለአንድ ክፍል ብቻ አጭር መልእክት እንልካለን፣ የሚቀጥለው ክፍል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይከተላል። መልእክቱ «ውጤት ወጥቷል፣ ገብተው ይዩ» ይላል፣ ነጥብ አይይዝም።

ከመክፈታችን በፊት «ሙከራ አንድ» እና «ሙከራ ሁለት» የሚባሉ ሁለት የሐሰት ተማሪዎች ፈጠርን። እኔ በአንዱ፣ መዝገብ ቤቷ በራሷ ስልክ በሌላው ገባን፤ ስማችንን ጮክ ብለን አነበብን። ሦስተኛ ሰው ሳይገባ ሞከረ፣ ወደ መግቢያው መለሰው። አድሚን የሆንኩበትን ብሮውዘር አልነካሁትም።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። የትናንትናዋ እናት ናቸው።

«እህቴ፣ አሁን የልጄ ስም ነው የወጣው። ሒሳብ ግን 48 ይላል። ይሄም ስህተት ነው?»

መዝገብ ቤቷ አየችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«እሱ ትክክል ነው እናቴ» አለቻቸው።