ሳንጣላ ሊያስታርቁን ጠሩን

ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ስልክ ሲደወልለት ላውድ ላይ ካላደረገው የሰማ አይመስለውም። እኔ አጠገቡ ቁጥር እደምራለሁ። የማሽን ድምፅ ቢሆን ለምጄው እቀጥል ነበር። የሰው ወሬ ግን አይለመድም፤ ቃሉ ትርጉም ስላለው ሳልፈልግ ጆሮዬ ይከተለዋል። ከሚስቱ ጋር ስለ ሶፋ ሲከራከሩ ሒሳቡን ትቼ ግራጫው ይሻላል የሚል አቋም ይዤ አረፍኩት።

በዚያ ላይ ወረቀቱ አለ። ክምሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ የኔን ኪቦርድ ደርሶበታል። እሱን ግን ለጊዜው ተውኩት። ከጩኸቱ ጀምሬ ወደ ወረቀቱ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ካለፍኩ ሰውየው የሚሰማው «አንተን አልወድህም» የሚለውን ብቻ ነው። ሥራዬን የሚያበላሸው ስልኩ ስለሆነ ስለ ስልኩ ብቻ ላወራ ወሰንኩ።

አንዷ ባልደረባችን ግን ሳንጠይቃት ቀደመችኝ። በቢሮው ግሩፕ ላይ «አንዳንድ ሰዎች ለሌላውም ቢያስቡ መልካም ነው» ብላ ለጠፈች። ጎረቤቴ ወዲያው ጠጋ አለኝና «ማንን ነው? ያንን በሩ ጋ የሚቀመጠውን ነው አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። (ሹክሹክታ ይችላል ለካ!) በሩ ጋ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ስለ እሱ የተጻፈ መስሎት ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። የተባለለት ሰው ሳይነካው ያልተባለለት ቆሰለ። ለአለቃችን ኢሜይል ጻፍ ያለኝም ነበር። እንዴ፣ ለራሱ ሳልነግረው? ፊት ለፊት ነግሬው እንቢ ቢል፣ ያኔ አለቃ ጋ መሄድ ያባት ነው።

የምለውን ቤት አዘጋጀሁ። «ሁልጊዜ» የምትለዋን ቃል አወጣኋት፤ እሷን ከተናገርኩ «መቼ? ትናንት አላወራሁም!» ብሎ ስለ ትናንት ስንከራከር ይመሻል። «ሁሉም ሰው ይላል» የሚለውንም ሰረዝኩት፤ ማን ማን እንዳለ መጠየቁ አይቀርማ። የቀረኝ ይሄ ነበር፦ «ስልክ ላውድ ላይ ስታወራ ድምሩ ይጠፋብኛል፤ በጆሮ ማዳመጫ ብታወራ፣ ወይ ረዘም የሚል ከሆነ ኮሪደር ብትወጣልኝ።» ያለው ችግር፣ የምፈልገው ነገር፣ አለቀ።

ሰዓትም መረጥኩ። እያወራ እያለ ብነግረው በንዴት ነው የሚወጣኝ፣ ሰው መሀል ከሆነ ደግሞ እሱ ያፍራል። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ጠበቅኩት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ድምፅም የለም። «ወንድሜ፣ አንዴ ላስቸግርህ» ብዬ ያጠናኋትን አንድም ሳላስቀር አወረድኳት።

ከጠረጴዛው ላይ የሴት ድምፅ መጣ። «እውነቱን ነው! እኔንም ቤት እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ!»

ሚስቱ ናት። ለካ «አንዴ ጠብቂኝ» ብሏት ነው። በድብቅ ልነግረው የተጠነቀቅኩለት ነገር ቀጥታ ተላለፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን መጀመሪያ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኝ» አለና ማዳመጫውን ከመሳቢያው አወጣ። እኔም እፎይ ብዬ «ከኔስ የሚረብሽህ ነገር አለ?» አልኩት። «ወንበርህ» አለኝ ሳያስብ። «በተነቃነቅክ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ትጮሃለች።» ዘይት ቀባኋት።

እንደሚረሳ ስለምናውቅ ምልክት ተስማማን። ላውድ ላይ ካደረገው ጆሮዬን እነካለሁ፣ እሱ ተነስቶ ይወጣል። ነገር የለም፣ ግልምጫ የለም። በጣም ሠራ። ችግሩ፣ ስምምነታችንን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው እኔ ዝም ብዬ አየዋለሁ፣ እሱ ስልኩን አንስቶ ውልቅ ይላል። «እነዚህማ ተኮራርፈዋል» ተባለ። ወሬው አለቃችን ጋ ደረሰና ሁለታችንም ለእርቅ ተጠራን።

አለቃችን ስለ መቻቻል ማውራት ጀመሩ። እኔ ደግሞ «ኧረ አልተጣላንም» ባልኩ ቁጥር ጭንቅላታቸውን በሀዘን ይነቀንቃሉ። በመሀል የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ። «አንሳው፣ ችግር የለም» አሉት። እሱም የለመደበት ስለሆነ ዞር ብሎ አየኝ፣ ይቅርታ ጠይቆ ተነሳና ኮሪደር ወጣ።

አለቃችን በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው «አየህ አይደል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፊትህን እንኳ ማየት አቅቶታል።»